ከሥራ ተቀንሶ ንግድ የገባው ጸሐፊ የሠራቸው ስህተቶች

ደሴ የሚኖር፣ ኮምቦልቻ እየተመላለሰ በአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል አሥር ዓመት የሠራ ጸሐፊ እናስብ። በሠራተኛ ቅነሳ ወጣ።

ካሳውን በሙሉ ካፒታል ማድረግ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈላል። ለቀጣዮቹ ዘጠኝ ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 10 ቀን ይጨመራል። በቅነሳ ለወጣ ደግሞ ሌላ 60 ቀን አለ። ሲደመር የ180 ቀን ደመወዝ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን የስድስት ወር አስቤዛና የቤት ኪራይም ያው ነው። እሱ ይህን ሳይነጥል ገባበት።

ጎረቤትን አይቶ መጀመር። ጎረቤቱ ዶሮ አዋጥቶታል። ጎረቤቱ የገዛው ግን የ45 ቀን ቄብ ነበር። የኛው ሰው ረከሰልኝ ብሎ የአንድ ቀን ጫጩት አመጣ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 33 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ የደሴን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከተመቻቸው ተበታትነው ይተኛሉ። ከበረዳቸው አምፖሉ ሥር ተጠቅጥቀው ይጮሃሉ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ጥግ ላይ ተደራርበው ተገኙ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው አልቀዋል።

የሸጡበትን እንጂ የቀረውን አለመቁጠር። ቀጥሎ ሽንኩርት። ከኮምቦልቻ አንድ ኩንታል በኪሎ 40 ብር ገዛ፤ ደሴ በ55 ቸረቸረ። በአራተኛው ቀን አለቀ።

«ስንት ተረፈህ?» አለች ሚስቱ።

«ስምንት መቶ አርባ።»

«የመኪናውስ? የተሸካሚውስ?»

ዝም አለ። አሥራ ሁለት ኪሎው አልተሸጠም፤ ዘጠኙ ደርቆና በስብሶ፣ ሦስቱ ወጥ ውስጥ ገብቶ። ሰማንያ ስምንቱ 4,840 ብር አስገባ። ከዚህ 4,000 መግዣ፣ 350 ማጓጓዣና ተሸካሚ ሲወጣ 490 ይቀራል፤ በቀን 122 ብር ገደማ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ንብረት ሲመዘግብ የኖረ ሰው የራሱን አልመዘገበም፤ የሚያስቀው ይሄ ነው።

የያዙትን ሙያ መናቅ። ከዚያ በኋላ ደብተር ያዘ። አጠገቡ ያለ ባለሱቅ አይቶ የራሱን የዱቤ ደብተር አመጣለት። «የጥግዋ ሴትዮ 240» ይላል፤ ቀን የለው፣ ዕቃው የለ። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ሰጠ፦ ቀን፣ ዕቃ፣ የወሰደው፣ የከፈለው፣ ቀሪ። ቅዳሜ ማታ ያለፈው ሳምንት ቀሪ ላይ የሳምንቱን ዱቤ ደምሮ የተከፈለውን ይቀንሳል። ውጤቱ ከገጾቹ ቀሪ ድምር ጋር ካልገጠመ፣ ሳይጻፍ የቀረ ነገር አለ።

ሌሎች ባለሱቆችም ጠሩት፤ በየሳምንቱ ይከፍሉታል። ዱቤ ሰብስብልኝ ሲሉት ግን እምቢ ይላል፤ ገንዘብ እጁ ከገባ መዝጋቢም ተጠርጣሪም እሱ ይሆናል። የግብር ማስታወቂያም አይሞላም፤ ወደ ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ይልካቸዋል።