ሴትፖይንት ሲነካ የሚደነብር ቫልቭ፦ የፒአይዲው "ዲ" ችግርና መፍትሄ

ሽቦው ጠብቋል፣ ሴንሰሩ በትክክል ያነባል፣ ቫልቩም በማንዋል ሲታዘዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንበል። ከዚያ በኋላም ወደ አውቶ ሲገባ የሚያስቸግር ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ኮዱ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በእንፋሎት በሚሞቁ ገንዳዎችና ማድረቂያዎች ላይ ፒአይዲ በራሳቸው የጻፉ ልጆች ደጋግመው የሚጠሩኝ ለዚሁ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚደነብረው መቼ ነው?

ሴትፖይንት ሲቀየር ብቻ ከሆነ

ይሄ ነው ዋናው። አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ገንዳ ላይ ኦፕሬተሩ "ጋሼ፣ ቁጥሩን በነካሁ ቁጥር ቫልቩ ይበረገዳል" አለኝ። ቁጥሮቹን ላስቀምጥላችሁ። `Kp` ለአንድ ዲግሪ 4 በመቶ ነው። `Td` 20 ሰከንድ ነው። ኮዱ በየ 0.1 ሰከንዱ ይሠራል። ኦፕሬተሩ ሴትፖይንቱን ከ60 ወደ 65 ዲግሪ ቀየረ።

ኮዱ "ዲ"ን የሚያሰላው ከኤረሩ ነበር። ኤረር ማለት ሴትፖይንት ሲቀነስ ንባቡ ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር ውስጥ ኤረሩ 5 ዲግሪ ዘለለ። ውሃው ግን ቅንጣት አልሞቀም። ሂሳቡ 4 × 20 × 5 ÷ 0.1 ነው፣ 4000 በመቶ ይወጣል። ቫልቩ ከ100 በመቶ በላይ መሄጃ የለውም።

ልጆቹ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ፊልተር ነው። እዚህ ላይ ነው የምናደደው፣ ምክንያቱም ፊልተር ይሄን በሽታ ያብሰዋል እንጂ አያድነውም። ያለ ፊልተር ርግጫው የሚቆየው አንድ ዙር ማለትም 0.1 ሰከንድ ነው፣ አየር የሚያንቀሳቅሰው ትልቅ ቫልቭ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ብዙም አይሄድም። `Tf` 2 ሰከንድ የሆነ ፊልተር ሲገባ ግን ርግጫው ከ4000 ወደ 190 በመቶ ግድም ይወርድና ቀስ እያለ ይሟሽሻል። ሌሎቹ ክፍሎች ቀድመው 50 በመቶ ከያዙ፣ ቫልቩ ወደ 3 ሰከንድ ለሚጠጋ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሁን ተብሎ ይታዘዛል። አሁን በደንብ ለመከፈት ጊዜ አገኘ። በዚያ ገንዳ ላይ ቧንቧው መንኳኳት የጀመረው ፊልተር ከገባ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ "ዲ"ን ከኤረር ሳይሆን ከንባቡ ማስላት ነው። ውሃው ሲሞቅ "ዲ" ይይዛል፣ ሴትፖይንት ሲነካ ግን አያይም። ምልክቱ መቀነስ መሆኑን አትርሱ። ቀናሹ ከተረሳ "ዲ" መያዙን ትቶ መግፋት ይጀምራል።

```
P = Kp*(b*r - y);
D = (Tf*D - Kp*Td*(y - y_old))/(Tf + Ts);
u = P + I + D;
I = I + Kp*Ts/Ti*(r - y);
y_old = y;
```

ኮዱ ውስጥ `r` ሴትፖይንት ነው፣ `y` ደግሞ ንባቡ፣ `Ts` የዙሩ ጊዜ ነው፣ `Ti` የ"አይ" ጊዜ። `u` ወደ ቫልቩ ከመሄዱ በፊት በ0 እና በ100 መካከል መገደብ አለበት። ገደቡ ላይ ሲደርስም `I` መጠራቀሙን ያቁም።

"ዲ" ከተስተካከለ በኋላም ትንሽ ዝላይ ይቀራል። እሱ የ"ፒ" ነው፦ 4 × 5፣ 20 በመቶ። `b` የገባው ለዚህ ነው። `b` 1 ሲሆን "ፒ" ሴትፖይንቱን ሙሉውን ያያል፤ 0 ሲሆን ጭራሽ አያየውም። እዚያ ገንዳ ላይ 0.4 አደረግነው፣ ዝላዩ 8 በመቶ ሆነ። ገንዳው 65 ለመድረስ ትንሽ ዘገየ፣ ግን አልፎ መሄዱን ተወ። ለቀለም ይሄ ይሻላል።

የ`b` ጥቅሙ ሌላም አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ወይም ጨርቅ ሲጨመር መቆጣጠሪያው የሚመልሰው መልስ በ`b` አይለወጥም። ስለዚህ መጀመሪያ `Kp`፣ `Ti` እና `Td`ን ለዚያ ዓይነት ረብሻ አስተካክሉ። `b`ን ደግሞ በመጨረሻ፣ ሴትፖይንት ቀይራችሁ እያያችሁ አስተካክሉ። `Kp`ን ቀንሶ ዝላይ ማጥፋት ገንዳውን ማደንዘዝ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ `b` "አይ" ውስጥ አይግባ! "አይ" ሙሉውን ኤረር ማየት አለበት። አንድ ቦታ 0.4ን "አይ" ላይም አባዝተውት አገኘሁ። 65 ሲታዘዝ ኮዱ የሚፈልገው 26 ዲግሪ ነው። በድሬ ሙቀት ውሃው በራሱ ከዚያ በላይ ስለሆነ ቫልቩ ዝግት ብሎ ቀረ። ቦይለሩን ፈትተው ነበር የጠበቁኝ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ አውቶ ላይ እያለ `b`ን አትቀይሩ። ሴትፖይንቱ 65 ሆኖ ከ1 ወደ 0.4 ብትቀይሩት "ፒ" በአንዴ 156 በመቶ ይወርዳል። ማንዋል አስገቡ፣ ቀይሩ፣ ከዚያ `I`ን `u - P - D` አድርጋችሁ ወደ አውቶ መልሱ።

ሁልጊዜ ከሆነ፣ ሴትፖይንት ሳይነካም

ይሄ ሌላ በሽታ ነው፣ ፊልተር የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። ቫልቩ ያለ እረፍት ይርገበገባል፣ አየር ይፈጃል፣ ማሸጊያው ቶሎ ያልቃል።

ኖይዝ የግድ ከውጭ መምጣት የለበትም። ከ0 እስከ 200 ዲግሪ በ12 ቢት ስታነቡ አንዱ እርከን 0.05 ዲግሪ ገደማ ነው። ንባቡ በሁለት እርከኖች መካከል ሲወላውል ያለ ፊልተር "ዲ" በእያንዳንዱ ለውጥ 4 × 20 × 0.05 ÷ 0.1፣ ማለትም 40 በመቶ ይመታል። ገንዳው ፀጥ ብሎ ተቀምጦ! `Tf` 2 ሰከንድ ሲሆን ያው ለውጥ 2 በመቶ አይሞላም።

`Tf`ን ከ`Td` አንድ አስረኛ ጀምሩ። ካልበቃ ወደ አንድ አምስተኛ ከፍ አድርጉት። ከዚያ አትለፉ አቦ፤ `Tf` ወደ `Td` ሲጠጋ "ዲ" ቀድሞ ማየቱን ያጣል። በሌላ በኩል `Tf` ከዙሩ ጊዜ ብዙ እጥፍ ካልበለጠ ፊልተር አለ ለማለት ብቻ ነው።

በዚህም ካልቆመ ችግሩ ገመድ ነው። ሺልድ የሌለውን ርካሽ ገመድ ከሞተር ኢንቨርተር ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አስገብቶ ፊልተሩን መውቀስ አይቻልም። ሺልድ ያለው ግዙ፣ ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አድርጉ፣ መንገዱንም ለዩ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብቻ ከሆነ

`y_old` ከ0 ይጀምራል። የመጀመሪያው ንባብ 60 ሲሆን "ዲ" ገንዳው በ0.1 ሰከንድ ውስጥ 60 ዲግሪ የሞቀ ይመስለዋል፣ ቫልቩንም ይዘጋል። ፊልተሩ ደግሞ ዝጋቱን ያራዝመዋል። በመጀመሪያው ዙር `y_old = y` እና `D = 0` አድርጉ። ከማንዋል ወደ አውቶ ሲገባም እንዲሁ፣ በማንዋል ጊዜ ኮዱ የማይሠራ ከሆነ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ንባቡ ድንገት 200 ደርሶ ከተመለሰ የሴንሰሩ ጫፍ ላልቷል፣ ኮዱን አትንኩ።

አንዱ መቆጣጠሪያ ለሌላው ሴትፖይንት የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የውስጠኛው `b` 1 ይሁን። ሥራው የታዘዘውን ቶሎ መከተል ነውና 0.4 ካደረጋችሁት የውጪው መወዛወዝ ይጀምራል። "ዲ" ግን እዚያም ከንባቡ ነው የሚሰላው።