ስኳር ያለበትን ሰው እግር በየማታው እንዴት እንፈትሻለን?

አባቴ ስኳር ከያዘው ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ተመልሶ ካልሲውን ሲያወልቅ፣ ነጩ ካልሲ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቢጫ ነጠብጣብ አየሁ። ጫማው ውስጥ እጄን ስሰድ ሽንብራ የምታህል ጠጠር አገኘሁ። ቤተክርስቲያን ደጅ ጫማውን አውልቆ ነበር፣ ያኔ ነው የገባችው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየረገጣት መጥቷል። "አላመመህም አባዬ?" ስለው "ምኑ?" አለኝ።

ስኳር ለዓመታት ከፍ እያለ ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። የደም ስርም ስለሚጠብ የተላጠች ቦታ ቶሎ አትድንም፣ ትመግላለች። ስለዚህ "አያመኝም" የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይሰራም። ነርቩ የተወውን ስራ ዓይንና እጅ ይስሩት።

ሰዓቱ ማታ ይሁን፣ ጫማ ከወለቀ በኋላ፣ በደንብ በበራ ቤት። ቁጭ ብላችሁ አንዱን እግር ሌላው ጉልበት ላይ አድርጉና መጀመሪያ ላዩን፣ ቀጥሎ ተረከዙን፣ ከዚያ ውስጥ እግሩን እዩ። ውስጥ እግር አልታይ ካለ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጡና እግሩን ከላይ ያዙት። ስኳር ዓይንንም ስለሚጎዳ በደንብ የማያይ ሰው ራሱን አይፈትሽ፣ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ይይለት። አብዛኛው ሰው የሚዘለው የጣቶቹን መሃል ነው። እያንዳንዱን ጣት ከፈት አድርጋችሁ የነጣ፣ የራሰ ወይም የተሰነጠቀ ቆዳ ካለ ተመልከቱ። ሌላ ቦታ ደግሞ የምትፈልጉት ውሃ የቋጠረ፣ የቀላ፣ የጠቆረ፣ ያበጠ ወይም የተላጠ ነገር ነው። በመጨረሻ በእጃችሁ ጀርባ ሁለቱንም እግሮች ዳስሱ። አንዱ ከሌላው ይልቅ ከሞቀ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

እጥበቱ ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳት ይመስለኛል። ወላጅን ለማስደሰት ብለን ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ በሳፋ እናቀርብና እግሩን እንዘፈዝፋለን። የደነዘዘ እግር ግን ውሃው ሲያቃጥለው አያውቅም፣ ቆዳው ተልጦ ነው የሚታወቀው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ በራሳችሁ ክርን ለኩት፣ ቶሎ አጥባችሁ አውጡት። ከዚያ በንጹህ ፎጣ፣ በተለይ የጣቶቹን መሃል፣ ሳትፈትጉ አድርቁ። ተረከዝና ውስጥ እግር እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ቀቡ፣ የጣቶቹን መሃል ግን አትቀቡ፣ እርጥበት ይዞ ፈንገስ ያመጣል። በብርድ ጊዜ እግርን ከሰል ምድጃ ላይ ማሞቅም እንደዚሁ ይቅር፣ ካልሲ ይበቃል።

ጥፍር ከታጠበ በኋላ ስለሚለሰልስ ያኔ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጥጉን ወደ ውስጥ አትቦርቡሩ። የጠነከረ ቆዳ ካለ ምላጭ እንዳታስጠጉ። ከስሩ ቁስል ሊኖር ይችላል፣ እሱን ጤና ባለሙያ ያንሳው።

ጫማ በተጠለቀ ቁጥር መጀመሪያ እጅ ይግባበት። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይኬድ። ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገባ ካልሲ ይደረግ፣ ነጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ደምም መግልም ቶሎ ይታይበታል። ከዚያ ስትመለሱ ደግሞ እግሩን እንደገና እዩት።

ቁስል ካገኛችሁ በንጹህ ውሃ አጥቡት፣ አድርቁት፣ በንጹህ ጎዝ ሸፍኑትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቡና አትነስንሱበት፣ የጥርስ ሳሙናም ቅጠልም አታድርጉበት። እስከዚያው በዚያ እግር ብዙ አይርገጥ፣ ቁስሉ እየተረገጠ አይድንም። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የጠቆረ ቆዳ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ትኩሳት ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አንድ ደግሞ ልብ በሉ፦ ቁስል ሳይኖር እግሩ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ ባያምም እንኳ አጥንቱ እየተሰባበረ ሊሆን ስለሚችል እርምጃ ሳይጨምር በመኪና ይሂድ።

የአባቴ ቁስል ለመዳን ስድስት ሳምንት ፈጅቷል። ስድስቱንም ሳምንት በየቀኑ በዱላ ተደግፎ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። አሁን ጫማውን መጀመሪያ ገልብጦ ያራግፈዋል፣ ከዚያ እጁን ይሰዳል። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጁን የእስክሪብቶ ክዳን አወጣበት።