ኪውአሩ «ትክክለኛ ነው» ይላል፣ ሰርተፍኬቱ ግን ፎርጅድ ነው፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካው ሲበዛ የሥራ ማመልከቻውም አብሮ በዛ። ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሰርተፍኬቱን በቴሌግራም ይልካል። ጥግ ላይ ያቺ ጥቁርና ነጭ ካሬ አለች። የሰው ሀብት ሠራተኛው ስልኩን ያስጠጋል፣ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፣ «ተረጋግጧል» ተብሎ ፋይል ውስጥ ይገባል። የቢሮ ኮምፒዩተርና ኔትወርክ ስለምሠራ «እስቲ ይህን እይልኝ» ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠራለሁ። ብዙውን ጊዜ ስህተቱ ያለው ሰዎች ያቺን ካሬ እንደ ማኅተም ማየታቸው ላይ ነው።

ኪውአር ኮድ ማኅተም አይደለም። ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ዓላማው የመኪና ዕቃዎችን በፍጥነት መከታተል ነበር። ውስጡ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሰርተፍኬት ላይ ሲሆን ደግሞ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጽ አድራሻ ነው። ማንም ሰው የፈለገውን አድራሻ ጽፎ በነጻ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኪውአር ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ስካን ስናደርግ የምናገኘው መልስ ሳይሆን «እዚህ ሂድ» የሚል ጥቆማ ነው። መታየት ያለበት የላከን ቦታ የማን እንደሆነ ነው።

ችግር 1፦ ገጹ «ትክክለኛ ነው» ይላል፣ ነገር ግን አንድ ነገር ይከነክናል

አንዲት የሰው ሀብት ኃላፊ የስፌት ማሽን ጥገና ዲፕሎማ ልካ አሳየችኝ። ስካን ሲደረግ የሚከፈተው ገጽ የሚያምር ነው። የኮሌጁ ዓርማ አለ፣ የልጁ ፎቶ አለ፣ ስም፣ የትምህርት ዘርፍ፣ ከላይ ትልቅ አረንጓዴ ምልክት። እሷን የከነከናት ልጁ ስለ ማሽኑ ሲጠየቅ የመርፌውን ቁጥር እንኳ አለማወቁ ነው።

ምክንያቱን ያገኘነው አድራሻው ላይ ነው። ስሞቹን ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬያቸዋለሁ፣ አሠራሩ ግን ይኸው ነው፦

```
https://kolej.edu.et/verify?id=DB-04417
https://kolej.edu.et.mirmera.com/verify?id=DB-04417
https://kolej-edu-et.com/verify?id=DB-04417
```

የመጀመሪያው የኮሌጁ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አይደሉም። አነባበቡ እንዲህ ነው። `https://` ካለፈ በኋላ እስከ መጀመሪያዋ `/` ድረስ ያለውን ብቻ ውሰዱ። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ፣ ባለቤቱን የሚነግራችሁ የቀኙ ጫፍ ነው። በሁለተኛው መስመር ቀኝ ጫፍ ያለው `mirmera.com` ነው። የገጹ ባለቤት እሱ ነው። ከሱ በስተግራ ያለው `kolej.edu.et` ባለቤቱ በገዛ ፈቃዱ የለጠፈው ጌጥ ነው። የ `mirmera.com` ባለቤት የሆነ ሰው ከፊቱ የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል፣ የሚከለክለው የለም። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ነጥቦቹ በሰረዝ ተተክተዋል። ለዓይን ያው ይመስላል፣ ለኢንተርኔት ግን ፈጽሞ ሌላ ስም ነው።

መጨረሻው `edu.et` ወይም `gov.et` ሲሆን አንድ እርምጃ ወደ ግራ መጨመር ያስፈልጋል። `edu.et` የትምህርት ተቋማት፣ `gov.et` የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጋራ መጨረሻ ነው። ስለዚህ የተቋሙን ማንነት የሚለየው ከሱ በፊት ያለው ቃል ነው። በሌላ በኩል `.com` ያለው ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። እውነተኛ ማሠልጠኛዎችም ይጠቀሙበታል።

ስልክ ላይ ይህን ማንበብ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ረጅሙ አድራሻ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ክፍል ነው። አድራሻው ያለበትን ቦታ ነካ አድርጉና ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ ማስታወሻ ላይ ለጥፉት። ያኔ ሁሉም ይታያል። ስለ ቁልፏ ምልክትም አንድ ነገር ልበል። በአንዳንድ ብሮውዘር ላይ ከአድራሻው አጠገብ የምትታየው ቁልፍ የምትለው «በመንገድ ላይ ሌላ ሰው አያነብብህም» ብቻ ነው። አጭበርባሪውም ያቺን ቁልፍ በነጻ ያገኛታል።

መፍትሄው ገጹን ከመመርመር ይልቅ መንገዱን መቀየር ነው። ኪውአሩን ተዉት። የኮሌጁን አድራሻ ቀድሞ ከምታውቁት ቦታ፣ ለምሳሌ ከኮሌጁ ከመጣ የቆየ ደብዳቤ፣ ወስዳችሁ በእጃችሁ ጻፉት። የማረጋገጫ ገጹን ከዚያ ፈልጋችሁ የሰርተፍኬቱን ቁጥር አስገቡ። እኛም ያን ስናደርግ ኮሌጁ ቁጥሩን አያውቀውም።

ጉዳዩን ጥርት ለማድረግ ሁለት ነገር ጨመርን። አንደኛ፣ በሐሰተኛው ገጽ አድራሻ ላይ ቁጥሩን `DB-99999999` ብለን ቀየርነው። እውነተኛ ሲስተም እንዲህ ዓይነት የማይመስል ቁጥር ሲሰጠው «አልተገኘም» ይላል። ይህኛው ግን ያንኑ ልጅ፣ ያንኑ ፎቶ፣ ያንኑ አረንጓዴ ምልክት መልሶ አሳየን። ከኋላው ምንም መዝገብ የለም፣ አንድ የተሳለ ገጽ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ የማይመስል ቁጥር ብቻ ሞክሩ፣ የሌሎች ተማሪዎችን ቁጥር እየደረደሩ መረጃቸውን መበርበር ነውርም ጥፋትም ነው። ደግሞም ይህ ፈተና ሐሰተኛውን ያጋልጣል እንጂ እውነተኛውን አያረጋግጥም። ትንሽ የሠለጠነ አጭበርባሪ «አልተገኘም» የሚል መልስም ማዘጋጀት ይችላል።

ሁለተኛ፣ `lookup.icann.org` ላይ ገብተን አድራሻው መቼ እንደተመዘገበ አየን። ይህ ለ `.com` እና ለመሰሎቹ ይሠራል። ዲፕሎማው የቆየ ነው፣ አድራሻው ግን ገና በቅርብ ጊዜ የተገዛ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሲጠየቅ ወረቀቱን ከደላላ እንደገዛው ተናገረ።

ችግር 2፦ አድራሻውም ገጹም እውነተኛ ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው

ይህኛው የበለጠ ያታልላል፣ ምክንያቱም ከላይ ያለውን ፈተና ሁሉ ያልፋል። ደላላው የሌላ ሰው እውነተኛ ሰርተፍኬት ላይ ያለውን ኪውአር ቆርጦ አዲስ ስም በተጻፈበት ወረቀት ላይ ያስቀምጠዋል። ስካን ሲደረግ ትክክለኛው ተቋም፣ ትክክለኛው መዝገብ ይከፈታል። አረንጓዴውን አይቶ ስልኩን ያጠፈ ሰው አለቀለት።

ኪውአር ከሌላ ወረቀት ተቀድቶም መሥራቱ አይግረማችሁ። ሲሠራ ጀምሮ ጉዳት እንዲችል ሆኖ ነው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የተሠራ ከሆነ 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። መሐሉ ላይ ዓርማ ማስቀመጥ የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መሐሉ ላይ ዓርማ መኖሩም ሆነ ጥራቱ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

መፍትሄው ገጹንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር ማነጻጸር ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዘርፍ፣ ውጤት፣ ቀን፣ ቁጥር። ከዚያ ወረቀቱን ከመታወቂያ ጋር። ገጹ ስም ሳያሳይ «ትክክለኛ ነው» ብቻ የሚል ከሆነ አላረጋገጠም ብላችሁ ቁጠሩት፣ የማን እንደሆነ አልነገራችሁምና።

ስታነጻጽሩ ግን ንጹሑን ሰው እንዳትወነጅሉ። ወረቀቱ ሐምሌ 2014 ሲል ገጹ `July 2022` ቢል ያው ቀን ነው፣ የኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት ነው። ስምም እንደዚሁ። ፀሐይ የሚለው ስም አንድ ቦታ `Tsehay`፣ ሌላ ቦታ `Sehay`፣ ሌላ ቦታ `Tsehaye` ሆኖ ይጻፋል። የፊደሉ አጻጻፍ ብቻ ከሆነ የተለየው፣ የተቀረውን ሁሉ አይታችሁ ፍረዱ። የአያት ስም ጨርሶ ሌላ ከሆነ ግን የፊደል ጉዳይ አይደለም።

ችግር 3፦ ኪውአሩ ፒዲኤፍ ወይም ፎቶ ይከፍታል

አድራሻው `drive.google.com` ከሆነና የሚታየው ያው ሰርተፍኬት ራሱ ከሆነ ምንም አልተረጋገጠም። አንድ ሰው ፋይሉን ጭኖ ሊንኩን ኪውአር አድርጎታል፣ በቃ። አመልካቹ የላከው የማረጋገጫ ገጽ ስክሪንሾትም ዋጋ የለውም። ኮምፒዩተር ላይ `F12` የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ በራሱ ስክሪን ላይ የሚታየውን ስም መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ገጹን ራሳችሁ፣ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱት።

ችግር 4፦ አይነበብም፣ ወይም «አልተገኘም» ይላል

እዚህ ላይ ልመናዬ አትቸኩሉ ነው። ፎርጅድ ብዙ ጊዜ አሳምሮ ነው የሚሠራው፣ የሚሰናከለው የእውነተኛው ነው። እንጀራ ፍለጋ ከሩቅ የመጣ ልጅ በኔትወርክ ምክንያት «አጭበርባሪ» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ካሜራው ካላነበበ መጀመሪያ የመጣበትን መንገድ እዩ። ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቃል፣ ደቃቃዎቹ ካሬዎች እርስ በርስ ይደፋፈናሉ። «እባክህ በፋይል ላክልኝ» በሉት። ወረቀት ከሆነና ላሚኔት ከተደረገ መብራቱ ስለሚያንጸባርቅ ዘንበል አድርጋችሁ ሞክሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ዳሩን አስጠግቶ ቆርጦትም ሊሆን ይችላል። ኪውአር በዙሪያው የአራት ትናንሽ ካሬ ስፋት ያህል ነጭ ቦታ ይፈልጋል።

ተነብቦ ገጹ ካልተከፈተ ደግሞ የተቋሙ ሰርቨር ወድቆ ሊሆን ይችላል። በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ኔትወርክ ሞክሩ። አንዳንድ ማሠልጠኛ በአጭር ሊንክ የሚሠራ በክፍያ የሚታደስ ኪውአር ይገዛል። ክፍያው ሲቋረጥ የተመራቂዎቹ ሁሉ ኪውአር አብሮ ይሞታል። የባሰው ተቋሙ አድራሻውን ሳያድስ ቀርቶ ሌላ ሰው ሲገዛው ነው። ያኔ አሮጌና እውነተኛ ወረቀት ወደ ባዕድ ገጽ ይወስዳል። ቁጥሩን በእጅ ስታስገቡም ዜሮንና `O` ፊደልን፣ `1` ቁጥርንና `l` ፊደልን እንዳታምታቱ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ የሚቀረው ለሬጅስትራር መጻፍ ነው። ስልኩን ወይም ኢሜይሉን ኪውአሩ ከከፈተው ገጽ አትውሰዱ፣ የሚያነሳው ደላላው ራሱ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ላይ የሰርተፍኬቱን ቅጂ አያይዙ፣ የአመልካቹን ፈቃድ ጨምሩ፣ ከዚያ «እውነተኛ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በዚህ ቁጥር የተሰጠው ለማን፣ በምን ዘርፍ፣ በምን ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ሬጅስትራሩ መዝገቡን ሳይገልጥ «አዎ» ብሎ ሊመልስላችሁ አይችልም።