የጡጦ ጫፍ በመርፌ አትብሱ፤ ሌሎች ጥፋቶችም አሉ

ፋርማሲ ውስጥ ጡጦ መሸጥ ከጀመርኩ ቆየሁ። ገዢው የሚያየው ፊቷ ላይ የተሳለችውን ድብ ነው። ገልብጦ የጡጦዋን ቂጥ የሚያይ ጥቂት ነው።

ቁጥሯን እንደ ማዕረግ ማንበብ። በሦስቱ ቀስቶች መሀል ያለችው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ጥራቱን አትናገርም። 5 ከሆነች ፖሊፕሮፒሊን ነው። ደብዘዝ ያለና ቀለል ያለ ፕላስቲክ ሲሆን ለሕፃን የሚያሰጋው ቢፒኤ የሚባለው ኬሚካል ሳይገባበት ይሠራል። የሚያደናግረው 7 ነው። «ሌሎች» ማለት ስለሆነ የማር ቀለም ያለው ጠንካራ ጡጦም 7 ነው፣ ቢፒኤ ያለበት ፖሊካርቦኔትም 7 ነው። ከቁጥሩ ስር «ፒሲ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ ተዉት። የብርጭቆና የሹካ ምልክት ደግሞ ዕቃው ምግብ እንዲነካ ታስቦ መሠራቱን ነው የሚናገረው፤ ስለ ልጁ ዕድሜ ምንም አይልም።

አንዲት እናት ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ ጡጦ አሳዩኝ። እንደ መስታወት ጥርት ያለ፣ በጥፍር ሲመቱት ቀጭ የሚል። «አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ የጠጣበት ነው» አሉኝ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል! በፖሊካርቦኔት የሚሠራ ጡጦ በአውሮፓ ኅብረት በ2011፣ በአሜሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ነው የታገደው። ከዚያ በፊት የተገዛ ጡጦ በውርስ አይወሰድም፤ ከተቧጨረና ከደበዘዘ ደግሞ ይብሳል።

ጫፉን በመርፌ መብሳት። ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። የሁለት ወር ልጅ ያላት እናት መጣች። «ወተቱ አልወርድ እያለው ያለቅሳል፣ መርፌ አግዬ ላስፋው?» አለችኝ። ጡጦውን ተቀበልኳት። ጫፉ ወደ ውስጥ ተጣብቋል፣ ቀለበቱ በወንድ ጉልበት ተጠብቋል። ልጅ ሲጠባ ወተቱ የወጣበትን ቦታ አየር መተካት አለበት። ቀለበቱ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ወይም ጫፉ ጠርዝ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ በወተት ሲደፈን አየር አይገባም፤ ጫፉ ይጣበቃል፣ ልጁ ጠብቶ ጠብቶ ይደክመዋል። ቀለበቱን ትንሽ አላላሁት። ልጁ ሲጠባ አረፋ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ ለቅሶውም አበቃ።

በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ መጠኑ አይታወቅም፣ ሲቆይም ይቀደዳል። ጨቅላው መዋጥ ከሚችለው በላይ ይጎርፍበታል። ከከንፈሩ ጥግ ወተት ከፈሰሰ፣ ጉርጉር እያለ ከዋጠና ካሳለው ፍሰቱ በዝቶበታል ማለት ነው። ለአራስ ልጅ የሚሆነውን ጫፍ ስትገለብጡት በጠብታ ይወርድ፤ ክር ሆኖ ከፈሰሰ አትጠቀሙበት። ልጁ አድጎ ፍሰቱ ካነሰው ቀጣዩን ቁጥር ግዙ። 1፣ 2፣ 3 የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከወራቱ ይልቅ አጠባቡን አይታችሁ ለውጡ።

እውነቱን ልናገርና እኔም የመጀመሪያ ልጄን ጡጦ በስፌት መርፌ በስቻለሁ። አጥሚት ላጠጣበት ብዬ! አጥሚት በጡጦ አይሰጥም፤ ከስድስት ወር በኋላ በማንኪያ ነው።

ለማጠብ የሚያስቸግር ጡጦ መግዛት። «ሆድ ቁርጠት ይከላከላል» የሚባሉት አንዳንዶቹ ስድስት ክፍል አላቸው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ስድስቱንም ማን ይፈታታል? አፈ ሰፊ፣ ጥግ የሌለው፣ ብሩሽ እስከ ታች የሚገባበትን ምረጡ። ቀለበቱን ፈትታችሁ የውስጥ ጥርሱን በጣት ዳስሱት፤ የሚያዳልጥ ነገር ካለ የወተት ቅባት ነው። ጫፉን ገልብጣችሁ እጠቡ። ቅባት ሳይለቅ መቀቀል ዋጋ የለውም።

ሲቀቀል ሁሉም ክፍል አየር ሳይይዝ ውሃ ውስጥ ይስመጥ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተንተክትኮ አይወጣም፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ አሥር ደቂቃ ቆጥሩ። የሚያጣብቅ ወይም የተሰነጠቀ ጫፍ ይጣል።

ጡጦ ግድ ነው ማለት። ባለፈው አንዷ አራስ ወደ ገጠር ልትሄድ ጡጦ ልትገዛ መጣች። ውሃ ከሩቅ ነው የሚቀዳው። አልሸጥኩላትም። የታለበ የእናት ወተት ለአራስ ልጅም በትንሽ ስኒ ይሰጣል። ልጁን ቀና አድርጎ መያዝ፣ የስኒውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ማሳረፍ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ማዘንበል። አፉ ውስጥ አይገለበጥም፤ ራሱ በምላሱ ይልሰዋል። ስኒ ደግሞ ቀለበት የለውም፣ ቀዳዳም የለውም።