የጉም ጨረር ስትሠሩ እርምጃ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ሌሎችም ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ወዳለው ቢሯችን አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የሠራው የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትዕይንት ነው። ከፍ ካለ መስኮት ፀሐይ ይገባል፤ ጨረሩ በዕጣኑ ጢስ ውስጥ ይታያል። በጣም ያምራል። ካሜራውን ሲያዞረው ግን ምስሉ ይቆራረጣል።

"እርምጃውን ስንት አደረግኸው?" አልኩት።

"128።"

"ለምን?"

"በ32 መስመር መስመር እየሠራ አስቸገረኝ ጋሼ።"

ይህን መልስ ከብዙ ልጆች ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ በደንብ ልናገረው።

መስመሩን በእርምጃ ብዛት ለማጥፋት መሞከር

ሬይ ማርቺንግ ማለት ከካሜራው ተነስቶ በየፒክስሉ አቅጣጫ እየተራመዱ፣ በየእርምጃው ሻዶው ማፑን "እዚህ ፀሐይ ይደርሳል?" ብሎ መጠየቅ ነው። 1920 በ1080 ስክሪን 2,073,600 ፒክስል አለው። በ128 ስታባዙት በአንድ ፍሬም ከ265 ሚሊዮን በላይ ጥያቄ ይሆናል። የላፕቶፕ ጂፒዩ ይህን ሲሸከም ለሌላው ሥራ ጊዜ አይተርፈውም።

ደግሞ መስመሩ የሚመጣው እርምጃ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ሁሉም ፒክስል መራመድ የሚጀምረው ከአንድ ርቀት ስለሆነ ነው። ጎረቤታሞቹ ፒክስሎች አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ፤ ዓይን ያንን እንደ መስመር ያየዋል። መነሻውን በየፒክስሉ ትንሽ ብታዛንፉት መስመሩ ወደ ደቃቅ ኖይዝ ይለወጣል። ኖይዝን ደግሞ ብለርና ያለፉትን ፍሬሞች ማማከል ያጠፉታል። ለዚህ እኔ የምጠቀመው ሆርሄ ሂሜኔዝ በ2014 ያቀረበውን አጭር ቀመር ነው፦

```
p += 5.588238 * float(frame % 64);
noise = fract(52.9829189 *
  fract(dot(p, vec2(0.06711056, 0.00583715))));
```

`p` የፒክስሉ ቦታ ነው። የመጀመሪያዋን መስመር አትዝለሏት። ኖይዙ በየፍሬሙ ካልተቀየረ ያለፉትን ፍሬሞች ማማከል ምንም አይጠቅምም፤ ያው ስህተት ይደጋገማል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥፋት ግን ሌላ ነው። የልጁ አዳራሽ 40 ሜትር ይረዝማል። እሱ 40ውንም ሜትር ይራመዳል። እስቲ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቆማችሁ ወደ መስኮቱ ተመልከቱ። ጢሱ አዳራሹን ሞልቶታል፤ ዓይናችሁ ለይቶ የሚያየው ግን ጨረሩ ውስጥ የገባውን ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ጢስ ከኋላው ያለውን ነገር ትንሽ ያደበዝዛል እንጂ አያበራም። ታዲያ ጥላው ውስጥ ሻዶው ማፑን ለምን እንጠይቃለን? መልሱን አስቀድመን እናውቀዋለን።

ስለዚህ መስኮቱን በፀሐዩ አቅጣጫ እስከ ወለሉ ሳቡት። ያዘመመ ሳጥን ይሆናል። የካሜራው መስመር ሳጥኑን የት እንደሚገባበትና የት እንደሚወጣበት ቀድማችሁ አስሉ። የምትራመዱት በዚያ መካከል ብቻ ነው፦

```
tIn  = max(tIn, 0.0);
tOut = min(tOut, sceneDist);
if (tOut <= tIn) return;
dt = (tOut - tIn) / 16.0;
t  = tIn + dt * noise;
```

ለቀረው መንገድ ጢሱ ወጥ ከሆነ አንድ `exp(-sigma * length)` ይበቃል፤ `sigma` ጢሱ በሜትር የሚጋርደው መጠን ነው። የልጁን ትዕይንት አብረን ስናስተካክል መስመሩ ጨረሩን የሚያቋርጠው ቢበዛ 8 ሜትር ያህል ነበር። 16 እርምጃ ለ8 ሜትር ማለት በየግማሽ ሜትሩ አንድ ነው። 16ቱን በ40 ሜትር ብትዘረጉት ኖሮ በየ2.5 ሜትሩ ይሆንና ቀጭኑን ጨረር ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ጉሙን በስክሪኑ ግማሽ ስፋትና ቁመት፣ በ960 በ540 አሠራነው። ጥያቄው ወደ 8.3 ሚሊዮን ወረደ፤ ከበፊቱ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ማለት ነው። ምስሉም ከበፊቱ ጠራ።

አንድ ነገር፦ `sceneDist` በመስመሩ ላይ የተለካ ርቀት ነው። ከዴፕዝ ባፈር የሚገኘውን ወደፊት ብቻ የተለካ ጥልቀት እንዳለ ካስገባችሁት በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ጉሙ ከግድግዳው በፊት ይቆማል።

እርምጃ ሲቀየር ብሩህነቱ የሚቀየር ድምር

ይህንን እኔም ሠርቼዋለሁ። ረጅም ጊዜም ሳላውቀው ቆይቻለሁ። በየእርምጃው ብርሃኑን በእርምጃው ርዝመት አባዝቼ ስደምር ነበር። ጢሱ ስስ ሲሆን ችግሩ አይታይም። ወፍራም ሲሆን ግን ይጋለጣል። ጢሱ በሜትር 0.5 ይጋርዳል፣ እርምጃው 2.5 ሜትር ነው እንበል። ጨረሩ ውስጥ እስከ መጨረሻው ብንሄድ ትክክለኛው ድምር የአንድ ሜትር ብርሃን ሁለት እጥፍ ነው። የእኔ ድምር 3.5 ያወጣል። መጋረዱን ከመደመሩ አስቀድሜ ባባዛው ደግሞ 1 ብቻ ይሆናል። በሁለቱም በኩል ስህተት ነው።

ሴባስቲያን ሂሌር በ2015 ያሳየው መፍትሔ በእርምጃው ውስጥ ያለውን መጋረድ አብሮ ያሰላል፤ `S` የአንድ ሜትር ብርሃን፣ `trans` እስካሁን ሳይጋረድ ያለፈው ድርሻ ነው፦

```
float T = exp(-sigma * dt);
color += trans * (S - S * T) / max(sigma, 1e-5);
trans *= T;
```

ትክክል መሆኑን ለማወቅ እርምጃውን ከ16 ወደ 64 አድርጉት። ኖይዙ ይቀንስ፤ ብሩህነቱ ግን እንዳለ መቆየት አለበት። ከተለወጠ ድምሩ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው።

ፍሮክስልን እኩል መቁረጥ

ብዙ መብራት ካላችሁና ጉሙ ሁሉም ቦታ ከሆነ ፍሮክስል ይሻላል። ካሜራው የሚያየውን ቦታ በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ ብርሃኑን በየክፍሉ አንዴ ማስላት ነው። ባርት ቭሮንስኪ በ2014 ሲያቀርበው 160 በ90 በ64 የሚሆን ፍርግርግ ተጠቅሟል። ክፍሎቹ 921,600 ናቸው፤ ከአንድ ስክሪን ፒክስሎች ግማሽ እንኳን አይሞሉም።

ጉሙ የሚሰላበት ርቀት 100 ሜትር ቢሆን ጀማሪዎች ለ64 እኩል ይቆርጡታል። ያኔ እያንዳንዱ ቁራጭ 1.56 ሜትር ይሆናል። አፍንጫችሁ ሥር ያለው ጢስ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ይመስላል። እንዲህ ቁረጡት፦

```
z = 0.5 * pow(100.0 / 0.5, k / 64.0);
```

የመጀመሪያው ቁራጭ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የመጨረሻው 8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሩቁ ቢወፍር ዓይን አይይዘውም።

ግን ገደቡን እወቁ። በ1920 ስክሪን አንዱ ክፍል 12 ፒክስል ስፋት አለው። ከመስኮቱ ፍርግርግ የሚወጡ ቀጫጭን ጨረሮች እዚያ ውስጥ ይሟሟሉ። የልጁን ሥራ በፍሮክስል ያላደረግነው ለዚህ ነው።

የ g ዋጋን 0.9 ማድረግ

ጢሱ ብርሃኑን ወዴት እንደሚበትነው በሚያሰላው የሄንዬ ግሪንስታይን ቀመር ውስጥ ብርሃኑ ወደፊት እንዲበተን ብለው `g`ን ይሰቅሉታል። ወደ ፀሐዩ ሲያዩ ያብረቀርቃል። ጨረሩን ከጎን ሲያዩት ግን `g` ዜሮ ከሆነበት 13 እጥፍ ያህል ይደበዝዛል። ከዚያ የፀሐዩን ኃይል ይጨምሩና ወለሉ ነጭ ይሆናል። ከጎን የሚታይ ጨረር ከፈለጋችሁ ከ0.2 እስከ 0.5 ሞክሩ።

በግማሽ የሠሩትን ጉም ዝም ብሎ መለጠጥ

ዓምዶቹ ዙሪያ ብርሃናማ ጠርዝ ካያችሁ ይህ ነው። ከኋላው ያለው ጉም ወደ ዓምዱ እየፈሰሰ ነው። ስትለጥጡ ከአራቱ ጎረቤት ፒክስሎች ጥልቀታቸው ለዋናው ፒክስል የሚቀርበውን አብልጣችሁ ውሰዱ። ብለሩም ላይ ያንኑ አድርጉ። ልጁ ቢሮ የመጣ ቀን ብለሩን ረስተነው፣ ማታ ከቤቱ ደውሎ "ዓምዱ አሁንም ያበራል" አለኝ።