የሜንቴናንስ ፈሳሽ ስሌት፦ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

አንጀቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ በአፉ ምንም እንዳይወስድ የታዘዘ 14 ኪሎ ልጅ አለ እንበል። ለሜንቴናንስ፣ ማለትም ሰውነቱ በየቀኑ ለሚያስፈልገው ፈሳሽ፣ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር ይግባለት? የ4-2-1 ሕግ አለ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎዎች በኪሎ 4፣ ለቀጣዮቹ 10 ኪሎዎች በኪሎ 2፣ ከ20 በላይ ላለው ደግሞ በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር በሰዓት። ስንጠቀምበት የምንሠራቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሙሉውን ክብደት በ4 ማባዛት። 14 በ4 ሲባዛ 56 ይመጣል። ትክክለኛው ግን 40 እና 8 ተደምሮ 48 ነው። ልዩነቱ እዚህ ትንሽ ይመስላል። ልጁ 25 ኪሎ ቢሆን ግን በ65 ፋንታ 100 ይገባለታል። ስለዚህ ክብደቱን መጀመሪያ በየክፍሉ ቁረጡት፣ ከዚያ አባዙ። ክብደቱም በሚዛን የተለካ ይሁን። ግምት ከሆነ ካርዱ ላይ «ግምት» ተብሎ ይጻፍ።

ሚሊ ሊትርን ከጠብታ ጋር ማምታታት። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ስሌቱ ልክ ሆኖ ልጁ ሊጎዳ ይችላል። የፈሳሽ መስጫው ማሸጊያ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነ ተጽፏል፤ አንብቡት። 60 ጠብታ ከሆነ 48 ሚሊ ሊትር በሰዓት ማለት በደቂቃ 48 ጠብታ ነው። 20 ጠብታ ከሆነ ግን 48 በ20 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 16 ጠብታ ብቻ ይሆናል። በዚህኛው ላይ 48 ጠብታ ከተለቀቀ በሰዓት 144 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ከጠርሙሱ ምን ያህል እንደጎደለ እዩ። ጠብታው ልጁ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ይለዋወጣል።

ሌላውን ፈሳሽ መርሳት። አንቲባዮቲኩ በቀን አራት ጊዜ በ50 ሚሊ ሊትር ተበጥብጦ የሚሰጥ ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሰዓት 8 ገደማ። ከ48ቱ ላይ ይቀነስ። በአፍንጫ ቱቦ የሚወጣው ግን ሜንቴናንስ ውስጥ የለም። ተለክቶ ለብቻው ይተካ።

መጠኑን አስልቶ ዓይነቱን ቸል ማለት። የታመመና ኦፕራሲዮን የተደረገ ልጅ ሰውነት ውኃን ይይዛል። ሶዲየሙ ያነሰ ፈሳሽ ከተሰጠው ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፤ ልጁ ራስ ምታት፣ ማስመለስና መፍዘዝ ይጀምረዋል፤ ሊያንዘፈዝፈውም ይችላል። 5 ፐርሰንት ዴክስትሮስ ያለበት ኖርማል ሳላይን የሚመረጠው ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ሲበዛ ይጎዳል፤ ልጁ በየቀኑ ይመዘን፣ ሶዲየሙም ይታይ። ክብደቱ ከጨመረና የዓይኑ ቆብ ካበጠ በዝቷል ማለት ነው። ሐኪሙን ጥሩ።

ሕጉ ለሁሉም ልጅ ይሠራል ብሎ ማሰብ። አራስ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ፣ ልቡን ወይም ኩላሊቱን የታመመ ልጅ በዚህ አይሰላም። ለነሱ የየራሳቸው መመሪያ አለ። ለሚሠራለትም ልጅ ቁጥሩ መነሻ ነው። መጠጣት ሲጀምር የጠጣው ያህል ከድሪፑ ይቀነሳል።