ጨለማው ሰዓት ለምን አልያዘም? የፍቅር ልብወለድ መዋቅር፦ ችግርና መፍትሄ

የፍቅር ልብወለድ ረቂቅ ለሰው ሲሰጥ ቅሬታው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ከመጽሐፉ ሦስት አራተኛ አካባቢ፣ ሁለቱ ፍቅረኛሞች የሚለያዩበት ምዕራፍ ላይ። አንዱ «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» ይላል፣ ሌላዋ «እዚህ ጋ ልጅቷን ጠላኋት» ትላለች። ደራሲው ያንኑ ምዕራፍ ደጋግሞ ይጽፋል፣ እንባ ይጨምራል፣ ዝናብ ያዘንባል። ምዕራፉ ግን አይሻሻልም፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ከመቶ ገጽ በፊት ነውና።

የማወራው ሮማንስ ስለሚባለው ዘርፍ ብቻ ነው። የአሜሪካ የሮማንስ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘርፉ ያስቀመጠው መስፈርት ሁለት ነው፦ ፍቅሩ የታሪኩ መሀል ይሁን፣ መጨረሻውም አንባቢን የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። በዚህ መስፈርት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታላቅ የፍቅር ታሪክ ነው እንጂ ሮማንስ አይደለም፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል አብረው ለመኖር አይበቁም። እኛ አገር ፍቅርን በሞት መጨረስ ስለለመድን ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ማወቅ ይጠቅማል። ታሪክህ በሞት የሚያልቅ ከሆነ የሚከተለው ምክር አይመለከትህም።

አጽሙ በ300 ገጽ መጽሐፍ ሲታይ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች ይገናኛሉ። እስከ 75 ድረስ ጥለው እንዳይሄዱ የሚያስር ነገር ይመጣል፤ ሥራ፣ ዕዳ፣ አንድ ግቢ መኖር። 150 አካባቢ ልባቸውን ይከፍታሉ፣ ሁሉ ነገር የሞላ ይመስላል። ከዚያ የድሮው ፍርሃት ቀስ እያለ ይመለሳል፣ 225 ላይ ይለያያሉ። ይህ ጨለማው ሰዓት ነው። ቀሪው ገጽ ለማስተዋል፣ ለመታረቅና ለመጨረሻው ደስታ ነው። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፣ ግን ከእሱ በብዙ የራቀ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ይጠየቃል።

አንድ የፈጠራ ረቂቅ ይዘን እንሂድ። መክሊት ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ስፌት ቤት አላት። የግብር ሂሳቧ ተዝረክርኮባት ዮናስ የሚባል የሂሳብ ባለሙያ ለሦስት ወር ትቀጥራለች። አባቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች «በስድስት ወር እመለሳለሁ» ብሎ ሳውዲ ሄዶ አልተመለሰም። ስለዚህ ሰው ሳይተዋት ቀድማ መተው ለምዳለች። ዮናስ ደግሞ የአባቱን ዕዳ ብቻውን እየከፈለ ያደገ የበኩር ልጅ ነው፤ ችግር የሚነገረው ካለቀ በኋላ ነው ብሎ ያምናል።

ምልክት፦ አንባቢው «ለምን ቁጭ ብለው አይነጋገሩም?» ይላል

በመጀመሪያው ረቂቅ ገጽ 225 ላይ መክሊት ዮናስን ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ሴት አቅፎ ታየዋለች። ስልኳን ትዘጋለች፣ ታለቅሳለች፣ ከሲታ ትሆናለች። ከ40 ገጽ በኋላ ሴትየዋ እህቱ መሆኗ ይታወቃል።

ምክንያቱ መለያየቱ ከአጋጣሚ የመጣ መሆኑ ነው። መክሊት በዚያ ሰዓት ካፌው በር ባታልፍ ኖሮ ጠቡ አይኖርም ነበር። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጠቡን ሊያበርድ የሚችለውን አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። «እህቴ እኮ ናት» በቂ ከሆነ የያዝከው ጨለማ ሰዓት ሳይሆን የስልክ ጥሪ የሚፈታው ጉዳይ ነው።

መፍትሄው እህትየዋን ማስወጣትና እውነቱ ሲነገር የሚብስ ነገር መፈለግ ነው። ዮናስ ጀርመን የትምህርት ዕድል አመልክቶ ነበር እንበል። መክሊት የምትፈልገውን ደረሰኝ ስታጣ እሱ ያደራጀላትን ፋይል ታገላብጣለች፤ ከጨርቅና ከክር ደረሰኞች መሀል የኤምባሲ ቀጠሮ ወረቀት ታገኛለች። ወረቀቱ የታተመው ከሁለት ወር በፊት ነው።

«ሲረጋገጥ ልነግርሽ ነበር።»

«አባቴም የደወለልን ኤርፖርት ከደረሰ በኋላ ነው።»

ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ገንዘብ ትቆጥራለች፣ የሦስት ወር ሂሳቡን በፖስታ ታስቀምጥለታለች፣ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ትለዋለች። አሁን ተነጋግረዋል፣ ማንም አልዋሸም፣ ጠቡ ግን ከፋ። እሱ የቆየ ልማዱን አደረገ፤ ደበቀ። እሷም የቆየ ልማዷን አደረገች፤ ቀድማ ተወች። ሁለቱም በልጅነት ያመኑት ነገር ትክክል የነበረ መስሎ ታያቸው። ጨለማው ሰዓት የሚይዘው እንዲህ ሲሆን ነው። በነገራችን ላይ ወረቀቱን ማግኘቷም አጋጣሚ ነው፤ አንባቢ ግን አጋጣሚን የሚጠላው ጠቡን ሲፈጥር እንጂ የነበረን ነገር ሲገልጥ አይደለም።

ምልክት፦ ይለያያሉ፣ አንባቢው ግን አያመውም

እዚህ ጋ ደራሲዎች ወደ ቅጽል ይሮጣሉ፤ «ልቧ በሺህ ቁርጥራጭ ተሰበረ» ዓይነት። ምክንያቱ ግን ገጽ 150 ላይ ነው። አንባቢ የሚያዝነው ለሚያየው እጦት ነው፤ መሀሉ ላይ የሚታይ ነገር ካልተሰጠ መጨረሻ ላይ የሚወሰድ የለም። መሳሳም ብቻውን አይበቃም፣ በየመጽሐፉ አለ።

ለመክሊት ከባዱ ነገር ቁልፍ መስጠት ነው። ስፌት ቤቱን ከእሷ ሌላ ማንም ከፍቶት አያውቅም፣ ሠራተኞቿ እንኳ ደጅ ቆመው ይጠብቋታል። ገጽ 150 ላይ የገና ትዕዛዝ ሲደራረብባት መለዋወጫውን ቁልፍ ለዮናስ ትሰጠዋለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ምዕራፎች ስትደርስ በሩ ተከፍቶ፣ ከሰሉ ተያይዞ፣ ጀበናው ተጥዶ ታገኘዋለች። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ በአጭሩ ይጠቀስ። ከመለያየቱ ማግስት ጠዋት ራሷ ትከፍታለች፤ ሠራተኞቹ እንደ ድሮው ደጅ ቆመዋል። እዚያ ምዕራፍ ላይ «አዘነች» የሚለውን ቃል መጻፍ አያስፈልግም።

ዮናስ የተቀባይነት ኢሜይሉን የሚያገኘውም ቁልፉን በተቀበለበት ቀን ማታ ይሁን። ደስታው ውስጥ ስንጥቅ ይገባል፤ አንባቢ ያውቃል፣ መክሊት አታውቅም። ከ150 እስከ 225 ያለው ጊዜ የሚላላባቸው ረቂቆች ብዙውን ጊዜ ይህ ስንጥቅ የሌላቸው ናቸው።

ምልክት፦ እርቁ የረከሰ ይመስላል

አበባ ይዞ ይመጣል፣ ሰው መሀል ይንበረከካል፣ ጭብጨባ ይከተላል። ምክንያቱ ድርጊቱ ትልቅ ቢሆንም ቁስሉን አለመንካቱ ነው። አበባው ለማንኛዋም ሴት ሊሰጥ ይችላል።

ይህን በደንብ ለማየት የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» (1813 እ.ኤ.አ.) መፈተሽ ይበቃል። መጽሐፉ 61 ምዕራፍ ነው። ሀብታሙና ኩሩው ዳርሲ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ኤልሳቤጥን መጀመሪያ ለጋብቻ የሚጠይቃት ምዕራፍ 34 ላይ፣ ቤተሰቧን እየናቀ ነው፤ እሷም ታባርረዋለች። ብዙ ሰው ጨለማውን ሰዓት ይሄ ይመስለዋል፤ ግን ያኔ ገና አትወደውም፣ ስለዚህ የምታጣው የለም። እውነተኛው ምዕራፍ 46 ነው፣ ልክ ሦስት አራተኛው ላይ። ታናሽ እህቷ ሊድያ ከአታላዩ መኮንን ከዊክሃም ጋር መኮብለሏን በደብዳቤ ትሰማለች፣ ለዳርሲ ትነግረዋለች፣ እሱም ተሰናብቷት ይወጣል። ልትወደው እንደምትችል የሚገባት ተስፋው ሁሉ ባለቀበት በዚያች ቅጽበት ነው።

ዳርሲ ቀጥሎ የሚያደርገውን ተመልከት። የዊክሃምን ክፋት ለሰው ያልተናገረው በኩራት ነበር። አሁን ለንደን ሄዶ ያንን የሚጠላውን ሰው ይፈልጋል፣ ይደራደራል፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ ሊድያን እንዲያገባ ያደርጋል፤ ይህንንም በምስጢር። ኩራት ያበላሸውን ኩራትን በመዋጥ አስተካከለው። ኤልሳቤጥም እጇን አጣጥፋ አትጠብቅም፤ ምዕራፍ 58 ላይ ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው እሷ ምስጢሩን ሰምታ ቀድማ ስላመሰገነችው ነው። ሁለቱም ተለውጠዋል።

ወደ መክሊትና ዮናስ ስንመለስ የሚያጓጓው ስህተት ዮናስ ጉዞውን ሰርዞ እየሮጠ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ያ ደስ ይላል፣ ግን «የሄደ አይመለስም» የሚለው እምነቷ ሳይፈተን ይቀራል፣ እሱም መደበቁን አልተወም። የሚሻለው ነገሩ ገና ሳያልቅ መምጣቱ ነው። ቪዛው አልተወሰነም፣ የዕዳው ቀሪ አለ፣ እሱ ግን ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቶ «ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ የማላውቀውንም ልነግርሽ ነው የመጣሁት» ይላታል። ለእሱ ከመንበርከክ የሚከብደው ይህ ነው። እሷም በበኩሏ የምትፈራውን ታድርግ፦ ቪዛው ሲመጣ ኤርፖርት ትሸኘው፣ የመለሰላትን ቁልፍም ይዞት እንዲሄድ ትስጠው።

ከመለያየቱ እስከ እርቁ ግን ለእያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚሆኑበት ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ይኑር። የመክሊት እናት ወይም ጓደኛ ገብታ «የኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ የምትፈሪው...» ብላ ትንታኔውን ከጨረሰችው ማስተዋሉ የእናትየው ሆነ። እናት ትጠይቅ፤ መልሱን መክሊት ሳትወድ ታግኘው።

ምልክት፦ የሚታረቁት ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው

የመኪና አደጋ፣ ደም፣ «እወድሃለሁ»። ምክንያቱ ደራሲው ለውጡን ለመጻፍ ስለከበደው ሞትን ማስፈራሪያ ማድረጉ ነው። ሰውየው ሲድን የድሮው ችግር እዚያው ይጠብቀዋል። አደጋውን መተው ካልቻልክ ወደ 60 ከመቶ አካባቢ አምጣው፤ ያኔ ያቀራርባቸዋል እንጂ አያስታርቃቸውም።

ምልክት፦ መጨረሻው ተቆረጠ

እርቁ ገጽ 297 ላይ ከሆነ አንባቢ ደስታውን የሚቀምስበት ቦታ የለውም። ከ10 እስከ 15 ገጽ ተውለት። ሠርግ ግዴታ አይደለም፤ የሚያስፈልገው የድሮው ቁስል እንደገና ተነክቶ መልሱ ሲለይ ማየት ነው። ለምሳሌ ዮናስ ለክረምት ሊመጣ ካለ በኋላ ፈተናው ይራዘምና በሦስት ሳምንት ይዘገያል፤ የድሮው ዮናስ ዝም ይል ነበር፣ ይሄኛው የሰማ ዕለት ማታውኑ ይደውላል። የድሮዋ መክሊት ስልኩን ትዘጋበት ነበር፣ ይህችኛዋ ትበሳጫለች፣ ትነግረዋለች፣ ከዚያ ስለ ቀሚስ ትዕዛዝ ማውራት ይቀጥላሉ።